ስላበጠው የላፕቶፕ ባትሪ

ባለፈው ሚያዝያ ወር አዳማ በሚገኘው ቤታችን አንድ ነገር አጋጠመን። ነገሩ ሲጀምር የሚያስቅ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በቤታችሁ ላፕቶፕ ያላችሁ፥ ወይም ወንድማችሁና እኅታችሁ በላፕቶፕ ሲሠሩ የምታዩ ሁሉ ይኸው ሊደርስባችሁ ስለሚችል፥ በዓይኔ ያየሁትንና ከዚያም በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን በቅደም ተከተል ልጽፍላችሁ አሰብሁ።

ታላቅ እኅቴ በዚያ ወር የመመረቂያ ጽሑፏን ትጽፍ ነበር። የምትጽፍበት ላፕቶፕ አራት ዓመት ያገለገለ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ «ይህ ጠረጴዛ እየተነቃነቀ አላጽፍ አለኝ፤ እባክህ ከእግሩ ሥር ካርቶን አድርግልኝ» አለችኝ። እኔም ካርቶን አጥፌ አደረግሁላት፤ መነቃነቁ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ላፕቶፑን አንሥቼ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ብጫነው ንቅንቅ አላለም። ለካስ የሚነቃነቀው ጠረጴዛው ሳይሆን ላፕቶፑ ኖሯል! ገልብጠን ብናየው የሥሩ ክዳን መካከሉ እንደ ድፎ ዳቦ ከፍ ብሏል። በክዳኑ ዳርም ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ተፈጥሯል። በውስጡ ያለው ባትሪ አብጦ ነበር።

ባትሪ እንዴት ያብጣል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብረት አያብጥምና። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ በቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ የሚገባው የሊቲየም ባትሪ የብረት ቆርቆሮ የለውም። ከአሉሚኒየምና ከፕላስቲክ በተሠራ ብርማ ስስ ከረጢት የታሸገ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስስ ሉሆች ተነባብረው ይገኛሉ። አንደኛው ግራፋይት የተቀባ የመዳብ ሉህ ነው፤ ግራፋይት በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ሁለተኛው ሊቲየምና እንደ ኮባልት ያለ ሌላ ብረት የሚገኝበት ውሁድ የተቀባ የአሉሚኒየም ሉህ ነው። ሁለቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ከሰው ጠጉር ውፍረት ግማሽ የማይሞላ የፕላስቲክ መለያ ይገባል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሮላይት በሚባል ፈሳሽ የራሰ ነው። ባትሪው ሲሞላና ሲሠራ ሊቲየሙ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ከአንዱ ሉህ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ፈሳሹም ውሃ አይደለም፤ እንደ ቤንዚን በእሳት የሚያያዝ ነው።

ባትሪው እያረጀ ሲሄድ ይህ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይፈርሳል። ሲፈርስም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፥ ሃይድሮጅንና ሌሎችም ጋዞች ይወጡታል። ከረጢቱ ጥብቅ ሆኖ የታሸገ ስለ ሆነ ጋዙ መውጫ ያጣና፥ ሊጥ ኩፍ እንደሚል ከረጢቱን ይነፋዋል። እብጠት ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ያበጠ ባትሪ የሚነግረን፥ በውስጡ ያለው ፈሳሽ መፍረስ ጀምሯል፥ ተመልሶም አይስተካከልም ብሎ ነው። እብጠቱ ቢቀዘቅዝ ጥቂት ሊቀንስ ይችል ይሆናል፤ የፈረሰው ግን አይመለስም።

ይህ ነገር በማንኛውም አገር ይደርሳል፤ በእኛ አካባቢ ግን ሁለት ነገሮች ያፋጥኑታል። አንደኛው ሙቀት ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፥ በስምጥ ሸለቆው ቁልቁል የምትገኘው መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ካለችው ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸሩ ሁለቱም ሞቃት ናቸው። የኬሚስትሪ መምህራችን እንዳስተማሩን፥ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብዙ የኬሚካል ለውጦች ፍጥነታቸው እጥፍ ያህል ይሆናል። የባትሪው ፈሳሽ መፍረስም የኬሚካል ለውጥ ነው። እኅቴ በምትሠራበት ቆርቆሮ ጣራ ክፍል ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር ባስቀምጥ 34 ዲግሪ አነበብሁ፤ ላፕቶፑ ሲሠራ ደግሞ ውስጡ ከዚያ የበለጠ ይሞቃል።

ሁለተኛው ልማዳችን ነው። መብራት ይጠፋል ብለን ስለምንሠጋ ላፕቶፑን ቀንም ሌሊትም ከቻርጀሩ ሳንነቅል እናቆየዋለን። ባትሪው ያን ጊዜ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ ይቀመጣል። እስከ አፉ በሞላ ባትሪ ውስጥ ቮልቱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ፈሳሹ በበለጠ ፍጥነት ይፈርሳል። ሙላትና ሙቀት አብረው ሲሆኑ፥ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያብሳል። ከዚህ ሌላ የማይስማማ ርካሽ ቻርጀር፥ የወደቀ ላፕቶፕ፥ ወይም ባዶውን ብዙ ወራት ተቀምጦ እንደገና የተሞላ ባትሪ እንዲሁ ሊያብጥ ይችላል።

አሁን ምልክቶቹን ልግለጽ። የመጀመሪያው እኛ ያየነው ነው፤ ቀድሞ በአራት እግሩ ይቆም የነበረ ላፕቶፕ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ይነቃነቃል። ይህን ለማረጋገጥ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ፥ ቀዝቅዞ ሳለ፥ በመስታወት ወይም በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ቀጥሎም ገልብጣችሁ ማስመሪያ በሥሩ ክዳን ላይ በጠርዙ አቁሙ። ማስመሪያው በመካከል ብቻ ነክቶ በሁለቱ ዳር ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ክዳኑ ጎብጧል። ሁለተኛው ምልክት በጣት የምናንሸራትትበት ታችፓድ ነው። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ሥር ስለሚገኝ፥ ሲያብጥ ከታች ይገፋዋል፤ ስንጫነው «ቀጭ» ማለቱን ይተዋል፥ ወይም በአንድ ዳሩ ከፍ ይላል። ሦስተኛው፥ የቁልፎቹ ሰሌዳ መካከሉ ይነሣል፤ ስክሪኑም ሲከደን ዳር ዳሩ አልገጥም ይላል። አራተኛው፥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ነው። ይህ ሽታ ካለ ከረጢቱ ተቀዶ ፈሳሹ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ የባሰ ምልክት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኅቴ እብጠቱን ካየች በኋላ እንኳ፥ «ባትሪው ደኅና ነው፤ ገና ሁለት ሰዓት ይቆይልኛል» ብላ ተከራከረችኝ። ማስረጃዋም ቀደም ባለው ሳምንት በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ይህን ጽፋ ያገኘችው መዝገብ ነበር፤

```
powercfg /batteryreport
```

በመዝገቡ ላይ DESIGN CAPACITY በሚለው ፊት 45,000 mWh፥ FULL CHARGE CAPACITY በሚለው ፊት ደግሞ 38,000 mWh ተጽፏል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብናካፍለው 84 በመቶ ይሆናል፤ ለአራት ዓመት ባትሪ መልካም ቁጥር ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚቆጥረው ባትሪው የሚይዘውን ኀይል እንጂ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን ጋዝ አይደለም። ላፕቶፑ እብጠትን የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩ መልካም ሆኖ ባትሪው ያበጠ ሊሆን ይችላል፤ ዓይናችንና ማስመሪያችን ካዩት፥ ቁጥሩን ትተን ዓይናችንን ማመን ይገባናል።

አደጋው ምን ላይ ነው? ያበጠ ባትሪ ሁሉ አይቃጠልም፤ እንዲያውም ብዙው ሳይቃጠል ይወገዳል። ክፉው ነገር የትኛው እንደሚቃጠል ከውጭ አይቶ መለየት አለመቻሉ ነው። ያበጠው ከረጢት በጠባብ ቤት ውስጥ ተወጥሮ በብሎንና በሹል ጠርዝ ላይ ይጫናል። ከላይ ቁልፍ ስንመታ ወይም ክዳኑን በግድ ስንገጥም እኛ ደግሞ እንጨምርበታለን። ያ ስስ የፕላስቲክ መለያ በአንድ ቦታ ቢበሳ ሁለቱ ሉሆች ይነካካሉ፤ በዚያች ነጥብ ላይ ኀይሉ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ወደ 130 ዲግሪ ሲደርስ መለያው መቅለጥ ይጀምራል፤ ሲቀልጥ ሌሎች ቦታዎች ይነካካሉ፤ እነርሱም ተጨማሪ ሙቀት ይሰጣሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን በራሱ ስለሚያግል ቻርጀሩን መንቀል ብቻውን አያቆመውም።

የኀይሉን መጠን ለማወቅ በእኅቴ ባትሪ ላይ የተጻፈውን 45 ዋት ሰዓት ወሰድሁ። አንድ ዋት ሰዓት 3,600 ጁል ስለ ሆነ፥ 45 ዋት ሰዓት 162,000 ጁል ይሆናል። ይህም በአዳማ ከፍታ ግማሽ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያን ሁሉ ሙቀት ከደብተር በማይበልጥ ነገር ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ሲለቀቅ አስቡት፤ የፈሳሹ መቃጠል ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ተጨማሪ ነው። ከጢሱ ጋር ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ስለሚወጣ፥ እሳቱ ያልደረሰበትን ሰው እንኳ ጢሱ ሊጎዳው ይችላል።

ትንሽ ባትሪ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው የአገራችን አውሮፕላን ምስክር ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ሎንዶን በሚገኘው ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ከጅራቱ አጠገብ በእሳት ተያያዘ። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጡት ሪፖርት እንደ ገለጹት፥ እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ ከሚያስታውቀው መሣሪያ ባትሪ ነው። የባትሪው ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው መገኘታቸውን፥ የአጭር ዙር መነሻም ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ጻፉ። ያ ባትሪ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ተመልሶ የሚሞላ ዓይነት አልነበረም፤ አብጦም አይደለም የተቃጠለው። ነገር ግን ሙቀቱ ከአንዷ ሴል ወደ ሌላዋ መተላለፉ ከላይ የገለጽሁት ዓይነት ነው። ጥቂት ሴሎች ያሉት አንድ ባትሪ የትልቅ አውሮፕላን ጣራ አቃጠለ። የእኅቴ ባትሪም ሦስት ሴሎች ነበሩት።

እንግዲህ ጠጋኝ እስኪገኝ ወይም አዲስ ባትሪ እስኪመጣ ድረስ ምን እናድርግ? እኛ ያደረግነውን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቀልን፤ ያበጠ ባትሪ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሞላት የለበትም። ላፕቶፑ ስላልሞቀና ስላልሸተተ፥ እኅቴ ጽሑፏን ወዲያውኑ በፍላሽ ገልብጣ አጠፋችው። ሞቆ ወይም ሸትቶ ቢሆን ኖሮ ግን ይህንም ባላደረግን ነበር። እኅቴ «ጽሑፌ ጠፋ!» ብላ እንባዋ መጥቶ ነበርና፥ ጽሑፉ የሚኖረው በዲስኩ እንጂ በባትሪው ውስጥ እንዳልሆነ አስታወስኋት። ዲስኩ በኋላ ተፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ሊነበብ ይችላል፤ ስለ ጽሑፍ ብሎ ያበጠ ባትሪ ማስነሣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ክዳኑን በግድ ሳንገጥም፥ በላዩም ምንም ሳንጭን፥ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቀን ወደ በረንዳው አወጣነው። ከፀሐይም ሰወርነው። አባባ «ፍሪጅ ውስጥ ብናቀዘቅዘውስ?» ብለው ነበር፤ ነገር ግን በፍሪጅ ውስጥ እርጥበት ስለሚያዝበት፥ ቢቃጠልም ከምግብና ከኤሌክትሪክ ጋር ስለሚሆን ተውነው። በበረንዳው በሲሚንቶው ላይ፥ ከከሰሉ ጆንያና ከጋዙ ርቆ አደረ።

በማግሥቱ አንድ የሠፈር ሰው መጥተው፥ «ይህማ ቀላል ነው፤ በመርፌ ብትወጉት አየሩ ይወጣና ይተኛል» አሉን። ይህ ምክር በስልክም በላፕቶፕም ባትሪ ላይ ሲሰጥ ስለሚሰማ በተለይ ልብ በሉት። መርፌው ከረጢቱን ብቻ ወግቶ አይቆምም፤ መለያውንም ወግቶ ሁለቱን ሉሆች ያገናኛል፤ የሚወጣውም ጋዝ በእሳት የሚያያዝ ነው። ጋዙ ያለ እሳት ቢወጣ እንኳ በቀዳዳው አየርና እርጥበት ይገባና ባትሪውን የባሰ ያበላሸዋል። እኔም፥ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ የኳስ አየር አይደለም» ብዬ ነገሩን ባስረዳቸው፥ መርፌውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ሌላው ሐሳብ ላፕቶፑን በሚኒባስ አዲስ አበባ ለሚገኝ ጠጋኝ መላክ ነበር። ይህንም ተውነው። ሰው በሞላበት ተሽከርካሪ፥ ከዕቃ ሥር ተጨፍልቆ፥ በሙቀት ውስጥ የሚሄድ ያበጠ ባትሪ ለማያውቁት መንገደኞች አደጋን መላክ ነው። በአውሮፕላን መላክም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጠጋኙን ወደ ቤታችን ጠራነው።

ጠጋኙ ሥራውን ያከናወነው በግቢያችን ነው። የሥሩን ብሎኖች ፈትቶ መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ መሰኪያ ነቀለ፤ ቀጥሎም ባትሪውን ሳያጎብጥ አነሣው። የእኛው በብሎን ብቻ የታሰረ ስለ ነበር ቀላል ሆነ። በሙጫ የተለጠፈ ቢሆን ግን በቢላዋና በብሎን መፍቻ መፈልቀቅ ትልቅ አደጋ ስለሆነ፥ ማንም ተማሪ እንዳይሞክረው። ባትሪው ከውጭ በሚከፈት ቁልፍ የሚወጣ ዓይነት ከሆነና በቀላሉ ከተንሸራተተ ራሳችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ፤ ካልወጣ ግን አትታገሉት። የወጣውን ባትሪ በደረቅ አሸዋ በሞላ የብረት ባልዲ ውስጥ አስቀመጥነው፤ መሰኪያውንም በፕላስተር ሸፈንነው። ባልዲውን አልከደንነውም፤ ጋዝ ታፍኖ ዕቃውን ሊያፈነዳ ይችላልና። አሸዋው ብልጭታውን ይይዛል እንጂ ባትሪውን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ባልዲው ከቤቱ ርቆ ተቀመጠ። ያበጠ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ቆሻሻ ሲቃጠል ወይም በመኪና ሲጨፈለቅ እሳቱ ለጽዳት ሠራተኞች ይሆናል። ጠጋኙ በጥንቃቄ እንዲያስወግደው አዲሱን ስንገዛ ከእነባልዲው አስረከብነው።

በመካከል ላሉት ዘጠኝ ቀናት እኅቴ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ሠራች። አንዳንድ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ እንቢ ይላሉ ወይም ይዘገያሉ፤ የእርሷ ግን እሺ አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ወዲያው ስለሚጠፋባት በየአምስት ደቂቃው ማስቀመጥ ለመደች። አዲሱ ባትሪ ሲመጣ ቅርጹ ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጻፈው የዕቃ ቁጥርና ቮልት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን፥ በቦታውም ሳይገፋ መግባቱን አየን። አሁን ላፕቶፑ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ በራሱ ቅንብር ላይ ወስናለች፤ ይህ ቅንብር በብዙ ላፕቶፖች ላይ አለ። ሌሊትም ቻርጀሩን ትነቅላለች።

ከሁሉ በኋላ አንዲት ነገር ላክል። ባትሪው በእጅ የማይነካ ያህል ቢግል፥ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ቢያሰማ ወይም ቢጤስ፥ ነገሩ ከእጃችን ወጥቷል ማለት ነው። ላፕቶፑን ተሸክሞ ለመሮጥ አትሞክሩ። ሰዎችን ሁሉ አስወጡ፥ ጢሱን አትሳቡ፥ ቢቻል ቆጣሪውን አጥፉ፥ የከተማውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጥሩ። የዚህን ዓይነት ባትሪ እሳት የሚያበርደው ብዙ ውሃ ነው፤ በሂትሮውም እሳቱ የጠፋው በውሃ ነበር። ግን ውሃ የሚጨመረው ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠና ከጢሱ ርቆ መቆም ከተቻለ ብቻ ነው። እሳቱ ጠፍቶ እንኳ ባትሪው ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ወደ ቤት አይመለስም።

እኅቴ ጽሑፏን በጊዜው አስረከበች። ያ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያደረግሁት ካርቶን ዛሬም እዚያው አለ፤ ማንም አላነሣውም። ባየሁት ቁጥር፥ ጠረጴዛው በካርቶን ጸጥ ቢል ኖሮ ላፕቶፑን ገልብጠን እንዳላየነው አስባለሁ። ስለዚህ እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ በተስተካከለ ቦታ አስቀምጡትና፥ በአራት እግሩ መቆሙን አንድ ጊዜ ተመልከቱ።